የወጣው አየርና የቀረው አየር፦ ኦብስትራክቲቭና ሪስትሪክቲቭ መልክን በስፓይሮሜትሪ ስለ መለየት



የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው ከአንድ የፈተና ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ለሕክምና ተማሪዎች በአተነፋፈስ ፊዚዮሎጂ ፈተና ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ መልሱንም የሳትሁት እኔው ነኝ። ስለዚህ ምሽቱን የምጠቀምበት ያን ስሕተት አብረን ለመመርመር ይሆናል።

ጥያቄው እንዲህ ይላል። አንድ የ58 ዓመት ሰው ለሠላሳ ዓመት ያህል ሲጋራ ሲያጨስ ኖሯል፤ አሁን ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። በስፓይሮሜትር ሲለካ አየር እስኪበቃው ስቦ በሙሉ ኃይሉ ያስወጣው 2.4 ሊትር ሆነ። በዕድሜው፣ በቁመቱና በጾታው የሚጠበቅበት 4.0 ሊትር ስለ ሆነ ያስወጣው የሚጠበቀውን 60 በመቶ ነው። በመጀመሪያው ሰከንድ ብቻ ያስወጣው ደግሞ 1.2 ሊትር ነው፤ የሚጠበቅበት 3.2 ሊትር ነበር። የሁለቱ ንጥጥር 0.50 ይመጣል። ሙሉ ትንፋሹ ያነሰው ለምንድን ነው? ሀ. ሳንባው ስለ ጠበበ፤ ለ. ሳንባው ውስጥ የሚቀረው አየር ስለ በዛ፤ ሐ. ሁለቱም ችግሮች ስላሉበት፤ መ. ከተሰጠው መረጃ መወሰን ስለማይቻል።

አብዛኞቹ ተማሪዎች ‹‹ሐ››ን መረጡ። አስተሳሰባቸው ግልጽ ነበር፤ ንጥጥሩ ዝቅ ብሏል፣ ይህ ኦብስትራክቲቭ ነው፤ ሙሉ ትንፋሹም ዝቅ ብሏል፣ ይህ ሪስትሪክቲቭ ነው፤ ስለዚህ ሰውየው ድብልቅ ችግር አለበት። እኔ ደግሞ ትክክል ብዬ የያዝሁት ‹‹ለ››ን ነበር። ውጤቱ በተለጠፈ ማግሥት አንዲት ተማሪ ቢሮዬ መጣች። የመረጠችው ‹‹መ››ን ነው። ‹‹መምህር›› አለችኝ፣ ‹‹ስፓይሮሜትር የሚለካው የወጣውን አየር ብቻ ነው፣ የቀረውን አይለካም ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ታዲያ የቀረው በዝቷል ብዬ የምመልሰው በየትኛው ቁጥር ተመሥርቼ ነው?››

በዚያች ሰዓት የሰጠኋት መልስ የሚያረካ አልነበረም። ወረቀቷን ተቀብዬ አሳደርሁት፤ በማግሥቱም ነጥቡን ሰጠኋት። ልጅቷ ትክክል የሆነችበትን፣ እኔም ሙሉ በሙሉ ያልተሳሳትሁበትን፣ አብዛኞቹ ተማሪዎችም የሳቱበትን ምክንያት በየተራ ላስረዳ።

በመጀመሪያ ስለምንጠቀምባቸው ስሞች እንስማማ። መሣሪያው በማያ ገጹ ላይ FVC ብሎ የሚያሳየውን ‹‹ሙሉ ትንፋሽ››፣ FEV1 ብሎ የሚያሳየውን ‹‹የአንድ ሰከንድ ትንፋሽ›› እላለሁ። ሰው የቻለውን ሁሉ ካስወጣ በኋላ በሳንባው የሚቀረውን ‹‹ቀሪ አየር››፣ ሳንባ እስከ መጨረሻው ሲሞላ የሚይዘውን ጠቅላላ አየር ‹‹የሳንባ ጠቅላላ መጠን›› እላለሁ። ጠቅላላው መጠን ሁልጊዜ የሙሉ ትንፋሹና የቀሪው አየር ድምር ነው። ይህች ቀላል ድምር የዛሬው ንግግር መሠረት ናት። ከሦስቱ ቁጥሮች ስፓይሮሜትር የሚሰጠን አንዱን ብቻ ነውና፣ ሁለቱን ከእርሱ ብቻ ልናወጣ አንችልም።

ይህ ውስንነት ከመሣሪያው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሃቺንሰን በ1846 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሥራውን ሲያሳትም መሣሪያው ውኃ ውስጥ የተደፋ ዕቃ ነበር፤ ሰው ሲተነፍስበት ዕቃው ከፍ ይላል፣ የከፍታው መጠን ይነበባል። ሃቺንሰን ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎችን ለክቶ ሰው በረዘመ ቁጥር የሚያስወጣው አየር እንደሚጨምር አሳየ። ነገር ግን የለካው መጠንን እንጂ ጊዜን አልነበረም። ሁለት ሰዎች እኩል 2.4 ሊትር ቢያስወጡ፣ አንዱ በሁለት ሰከንድ፣ ሌላው በአሥራ ሁለት ሰከንድ ቢጨርሱም በሃቺንሰን መዝገብ አንድ ዓይነት ነበሩ። ጊዜን ወደዚህ ልኬት ያስገቡት ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1947 (እ.ኤ.አ.)፣ በፈረንሳይ ቲፍኖና ፒኔሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። በመጀመሪያው ሰከንድ የወጣውን ለይቶ መለካት ከተጀመረ ወዲህ ነው ኦብስትራክቲቭና ሪስትሪክቲቭ የሚባሉት ሁለት መልኮች በአንድ ወረቀት ላይ ሊለያዩ የቻሉት።

ልዩነቱን በገንቦ ላስረዳ። ሁለት ገንቦዎች ከፊታችሁ አሉ። አንዱ ትንሽ ገንቦ ነው፤ አፉ ግን ሰፊ ነው። ስትደፉት ውኃው ወዲያው ያልቃል፤ የወጣው ጥቂት የሆነው ገንቦው የሚይዘው ጥቂት ስለ ሆነ ነው። ሪስትሪክቲቭ የምንለው ይህ ነው፤ ችግሩ የመያዣው ነው። ሁለተኛው ትልቅ ገንቦ ነው፤ አንገቱ ግን ጠባብ ነው። ውኃው እየተንጠባጠበ ይወጣል፤ የሚቀዳው ሰው ደክሞት ሲያቀናው ገና ብዙ ውኃ ውስጡ አለ። ኦብስትራክቲቭ የምንለው ይህ ነው፤ ችግሩ የመውጫው ነው። አሁን ገንቦዎቹን ሳታዩ፣ የተቀዳውን ውኃ ብቻ በሁለት ጣሳ ብሰጣችሁ፣ ጣሳዎቹ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ። ተማሪዎቼ የሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ጣሳው አልሞላምና ገንቦው ትንሽ ነው ብለው ፈረዱ።

የገንቦው ምሳሌ ግን አንድ ቦታ ላይ ይሰናከላል። የገንቦ አንገት ውኃውን ስትደፉት አይለወጥም፤ የአየር ቧንቧ ግን በኃይል ስንተነፍስ ራሱ ይጠባል። ይህን ሳናውቅ ንጥጥሩ ለምን እንደሚወርድ ልንረዳ አንችልም፤ ስለዚህ ጥቂት ቁጥሮችን ታግሣችሁ አብራችሁኝ ተከተሉ።

አንድ ጤነኛ ሰው በኃይል ሲተነፍስ ጡንቻዎቹ የደረቱን ክፍተት ይጨምቃሉ። በሳንባው ዙሪያ ያለው ግፊት 25 ሴንቲ ሜትር ውኃ ደረሰ እንበል። በአየር ከረጢቶቹ ውስጥ ያለው ግፊት ግን ከዚህ ይበልጣል፤ ሳንባው እንደ ተለጠጠ ላስቲክ ወደ ራሱ ለመሰብሰብ ይፈልጋልና የራሱን 10 ይጨምርበታል። ስለዚህ በከረጢቶቹ ያለው 35 ነው። አየሩ ወደ አፍ ሲጓዝ ግፊቱ በመንገድ ላይ እየቀነሰ በመጨረሻ አፍ ላይ ዜሮ ይደርሳል። በመካከሉ አንድ ቦታ ላይ ግን 25 ይሆናል፤ ያን ጊዜ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊትና በውጭ የሚጨምቀው ግፊት እኩል ናቸው። ከዚያ ወደ አፍ ባለው ክፍል የውጩ ግፊት ይበልጣልና ቧንቧው ይጨመቃል።

አሁን ሰውየው ይበልጥ ይግፋ፤ የውጩ ግፊት 45 ይድረስ። የከረጢቱ 55 ይሆናል። ከከረጢቱ እስከዚያች እኩል ቦታ ድረስ አየሩን የሚነዳው የግፊት ልዩነት ግን ያው 10 ነው፤ ከሳንባው ልጥጠት የመጣው ብቻ። መግፋቱ አየሩን በገፋበት መጠን ቧንቧውንም ጨምቆበታል። በትንፋሹ የመጀመሪያ ቅጽበት ካልሆነ በስተቀር ኃይል መጨመር ፍጥነት የማይጨምረው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ የፍጥነቱ ልክ የሚወሰነው በሁለት ነገሮች ነው፤ ሳንባው በመሰብሰብ ኃይሉና ቧንቧዎቹ ባላቸው ስፋት።

ሲጋራ የሳንባን የመለጠጥ ክር ሲያጠፋ፣ ማለትም ኤምፊዚማ ሲመጣ፣ ያ 10 ወደ 4 ይወርዳል። ቧንቧዎቹን ከውጭ ወጥረው የሚይዟቸው ክሮችም አብረው ይጠፋሉ፤ ቧንቧዎቹም በቀላሉ ይጨመቃሉ። አንዳንዶቹ ከኋላቸው ያለው አየር ሳይወጣ ይዘጋሉ፤ ያ አየር ቀሪ አየር ላይ ይደመራል። በአንጻሩ ሳንባው ጠባሳ ሲያበዛ፣ ማለትም ፋይብሮሲስ ሲመጣ፣ የመሰብሰብ ኃይሉ ይጨምራል፤ ክሮቹም ቧንቧዎቹን አጥብቀው ይወጥራሉ። ሳንባው ብዙ አየር አይቀበልም፤ የተቀበለውን ግን ፈጥኖ ይመልሳል። በፋይብሮሲስ ንጥጥሩ እንደ ነበረ የሚቆየው፣ አንዳንዴም ከሚጠበቀው በላይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ፈተናው ሰውየ እንመለስና ሁለት ባልንጀሮች እንጨምርለት። ሦስቱም ተመሳሳይ ቁመትና ዕድሜ አላቸው፤ የሦስቱም የሚጠበቅ ሙሉ ትንፋሽ 4.0፣ የሚጠበቅ ቀሪ አየር 2.0፣ የሚጠበቅ ጠቅላላ መጠን 6.0 ሊትር ይሁን። ሦስቱም ያስወጡት 2.4 ሊትር ነው። በሃቺንሰን መዝገብ ሦስቱ አንድ ናቸው።

የመጀመሪያው የእኛ ሰው ነው፤ የአንድ ሰከንዱ 1.2፣ ንጥጥሩ 0.50። ይህን ሰው ተዘግቶ በሚቀመጡበትና አካልን በሙሉ በሚለካው ሳጥን፣ በፕሌቲስሞግራፍ፣ ብንለካው የሳንባው ጠቅላላ መጠን 7.2 ሊትር ሆኖ ይገኛል እንበል። ከዚህ 2.4ን ስንቀንስ ቀሪው አየር 4.8 ሊትር ነው። ሳንባው ከሚጠበቀው ይበልጣል እንጂ አላነሰም። ከያዘው አየር ሁለት ሦስተኛው ግን መውጣት ያልቻለ ነው። ሙሉ ትንፋሹን ያሳነሰው የቀረው አየር መብዛት ነው፤ ድብልቅ የሚባል ነገር እዚህ የለም።

ሁለተኛው ሰው የአንድ ሰከንድ ትንፋሹ 2.1 ሊትር ነው፤ ንጥጥሩ 0.88። በሳጥኑ ሲለካ ጠቅላላው 3.8፣ ቀሪው 1.4 ሊትር ነው። እዚህ ሁሉም ነገር አንሷል፤ ገንቦው በእውነት ትንሽ ነው። ሪስትሪክቲቭ የሚለው ቃል በትክክል የሚገባው ለዚህ ሰው ነው፤ የሚገባውም ጠቅላላው መጠን ስለ ተለካ ነው።

ሦስተኛው ሰው የአንድ ሰከንድ ትንፋሹ 2.0፣ ንጥጥሩ 0.83 ነው። ቁጥሮቹን ብቻ ያየ ሰው ከሁለተኛው ጋር ይመድበዋል። የትንፋሹን መስመር የተመለከተ ግን ሌላ ነገር ያያል፤ መስመሩ ወደ ላይ እየወጣ ሳለ በሁለተኛው ሰከንድ ላይ ድንገት ተቆርጧል። ሰውየው ትንፋሹን ሳይጨርስ አፉን ከመሣሪያው አንሥቷል። ባለሙያዋ አስረድታው እንደገና ሲያደርግ፣ እስከ መጨረሻው ገፍቶ 3.4 ሊትር አስወጣ፤ የአንድ ሰከንዱ ያው 2.0 ነው። ንጥጥሩ አሁን 0.59 ሆነ። ሪስትሪክቲቭ የመሰለው ሰው ኦብስትራክቲቭ ነበር። አንድ ትንፋሽ ቶሎ ሲቆረጥ የንጥጥሩ ታችኛው ቁጥር ያንሳል፣ ላይኛው ግን አይነካም፤ ስለዚህ ንጥጥሩ በሐሰት ከፍ ይላል። ይህ ስሕተት መዘጋትን ይደብቃል፣ ያልነበረ ጥበትንም ይፈጥራል።

ስለዚህ ቁጥር ከመነበቡ በፊት መስመሩ ይነበባል። የአሜሪካና የአውሮፓ የአተነፋፈስ ማኅበራት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት መመሪያ ትንፋሹ ተጠናቀቀ የሚለው በመጨረሻው አንድ ሰከንድ የወጣው አየር ከ25 ሚሊ ሊትር ሳይበልጥ ሲቀር፣ ማለትም መስመሩ ሲተኛ፣ ወይም ሰውየው 15 ሰከንድ ሙሉ ሲተነፍስ ነው። ሁለቱን ያላሟላ ትንፋሽ ቢኖር እንኳ፣ በአዋቂዎች ሁለት ከፍተኛ የሆኑ ትንፋሾች በ150 ሚሊ ሊትር ውስጥ መቀራረብ አለባቸው። ከሦስት ሙከራ አንዱ 2.4፣ አንዱ 2.9፣ አንዱ 3.4 ከሆነ የያዝነው የሳንባውን መጠን ሳይሆን የሰውየውን መማር ነው።

እዚህ ላይ አንድ የግል ታሪክ ልናገር፤ ጥፋቱ የራሴ ነውና ሌላ ማንንም አልወቅስበትም። ሐኪም ሆኜ በጀመርሁባቸው ዓመታት ልክ እንደ ፈተናው ሰው ያለ ታካሚ መጣልኝ። ወረቀቱ ላይ ‹‹ድብልቅ፣ ሪስትሪክሽንም አለበት›› ብዬ ጻፍሁ። ያች አንዲት ቃል ሰውየውን ብዙ ወራት አንከራተተችው። ጠባሳ ይፈለግበት ጀመር፤ ለሲቲ ምርመራ ከክፍለ ሀገር እየተመላለሰ ገንዘቡን ጨረሰ፤ ያላስፈለገው ስቴሮይድ ክኒን ለወራት ዋጠ፤ ስኳሩም ከፍ አለ። የሚረዳው የሚነፋ መድኃኒት ግን ወደ ጎን ተተወ፤ ‹‹ዋናው ችግር ሌላ ነው›› ብለን ነበርና። ሲቲው ሲመጣ ያሳየው የተስፋፋ፣ በአየር የተወጠረ ሳንባ ነው። ታካሚው አልተቆጣኝም፤ ‹‹ዶክተር፣ ታዲያ ሳንባዬ ትንሽ አይደለም ማለት ነው?›› ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። የፈተና ጥያቄውን ያወጣሁት ያን ጥያቄ እያስታወስሁ ነበር።

አንዳንዶቻችሁ ፕሌቲስሞግራፍ በሌለበት ሆስፒታል የምትሠሩ ናችሁና፣ ጠቅላላውን መጠን መለካት ካልቻልን ምን እናድርግ ትላላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሁለት ነገሮች ልበል።

የመጀመሪያው፣ የስፓይሮሜትሩ ‹‹የለም›› ከ‹‹አለ››ው ይልቅ የታመነ መሆኑን ማወቅ ነው። በ1999 (እ.ኤ.አ.) የካናዳ ተመራማሪዎች በሁለቱም መንገድ የተለኩ 1831 ታካሚዎችን መርምረው ነበር። ሙሉ ትንፋሻቸው በጤናማው ክልል ከነበሩት ውስጥ ጠቅላላ የሳንባ መጠናቸው አንሶ የተገኘው ከመቶ ሦስት እንኳ አልሞሉም። ሙሉ ትንፋሻቸው ዝቅ ያለና ንጥጥራቸው ያልወረደ፣ ማለትም ሪስትሪክቲቭ መልክ ካሳዩት ውስጥ ግን በእውነት መጠኑ ያነሰባቸው ከመቶ 60 አይሞሉም። እንግዲህ ሙሉ ትንፋሹ ጤናማ ከሆነ ሪስትሪክሽን የለም ብላችሁ በእርግጠኝነት ልትጽፉ ትችላላችሁ። ዝቅ ካለ ግን መጻፍ የምትችሉት ‹‹ሪስትሪክሽን ሊኖር ይችላል፤ የሳንባ መጠን ይለካ›› የሚለውን ነው። የእኔ ታካሚ የከፈለው በእነዚህ በሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች መካከል ላለው ልዩነት ነው።

ሁለተኛው፣ ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት ሰጥቶ እንደገና መለካት ነው። የፈተናው ሰው ሳልቡታሞል ተነፍቶለት ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲለካ፣ ሙሉ ትንፋሹ ከ2.4 ወደ 3.0፣ የአንድ ሰከንዱ ከ1.2 ወደ 1.35 ሊትር ከፍ አለ እንበል። ንጥጥሩን አስሉ፤ 1.35 ሲካፈል ለ3.0፣ 0.45 ነው። ከ0.50 ወደ 0.45 ወረደ። ንጥጥሩን ብቻ የሚያይ ተማሪ መድኃኒቱ ጎዳው ሊል ነው። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ተዘግተው የነበሩ ቧንቧዎች ተከፍተው፣ ታስሮ የነበረው አየር ዘግይቶም ቢሆን ወጣ። ጠቅላላው መጠን በ7.2 ቢቆይ ቀሪው አየር ከ4.8 ወደ 4.2 ወርዷል፤ ሰውየውም እፎይ ይላል። ጠባሳ ያለበት ሳንባ በሩብ ሰዓት ውስጥ 600 ሚሊ ሊትር አይጨምርም። እንዲህ ያለ ለውጥ ስታዩ የቀደመው ዝቅተኛ ሙሉ ትንፋሽ ቢያንስ በከፊል የታሰረ አየር እንደ ነበረ ማስረጃ አገኛችሁ ማለት ነው። ለውጥ ካልታየ ግን ታስሮ የቀረ አየር የለም ማለት አይደለም፤ ኤምፊዚማ ያጠፋውን ክር ሳልቡታሞል አይመልሰውም።

ሳጥኑ ሳይኖር ሄሊየም እያስተነፈሱ ጠቅላላውን መጠን የሚለኩ ክፍሎችም አሉ። በዚህ ዘዴ ሄሊየሙ በሳንባው ውስጥ ምን ያህል እንደ ተበረዘ ታይቶ መጠኑ ይሰላል። ለሁለተኛው ሰው ጥሩ ዘዴ ነው። ለመጀመሪያው ሰው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከተዘጉ ቧንቧዎች ኋላ ወዳለው አየር ሄሊየሙ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አይደርስምና መጠኑን አሳንሶ ያሳያል። መለየት የፈለግነውን ስሕተት በሌላ በር ሊያስገባብን ይችላል።

አንድ ነገር ሳልነካ ብሄድ ጎደሎ ይሆናል፤ ‹‹የሚጠበቅበት›› የምንለው ቁጥር ከየት መጣ? በ2012 (እ.ኤ.አ.) ወጥቶ በብዙ መሣሪያዎች ላይ የተጫነው ዓለም አቀፍ ስሌት ሰዎችን በዘርና በአካባቢ ይከፋፍል ነበር፤ ባለሙያው ከዝርዝሩ የሚመርጠው ምድብ የሚጠበቀውን ሙሉ ትንፋሽ ከአሥር በመቶ በላይ ከፍና ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። በ2022 (እ.ኤ.አ.) ምድቦቹን የተወ አንድ የጋራ ስሌት ወጣ። በእኛ ክፍል ሁለቱም ስሌቶች ያሏቸው መሣሪያዎች ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉና፣ ውጤቱን ከማወዳደራችሁ በፊት የትኛው እንደ ተመረጠ ወረቀቱ ላይ ፈልጉ። ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፤ ንጥጥሩ በምድብ ለውጥ ብዙም አይነካም። ሙሉ ትንፋሹና የአንድ ሰከንዱ አብረው ከፍና ዝቅ ስለሚሉ ይጣጣማሉ። ስለዚህ በተመረጠው ስሌት ምክንያት ብቻ ሊመጣና ሊጠፋ የሚችለው በአብዛኛው ‹‹ሪስትሪክቲቭ›› የሚለው ስያሜ ነው፤ ይህም በዚያ ቃል ላይ እንድንጠነቀቅ አንድ ተጨማሪ ምክንያት ነው።

ንጥጥሩም ቢሆን ከዕድሜ ጋር በጤነኛ ሰው ላይ ይወርዳል። ለሁሉም 0.70ን ወሰን ካደረግን የ80 ዓመቱን ጤነኛ ሽማግሌ በሽተኛ፣ የ25 ዓመቷን አስም ያለባት ወጣት ደግሞ ጤነኛ ልንል እንችላለን። ወሰኑ በዕድሜ የተስተካከለው ዝቅተኛ ልክ ቢሆን ይሻላል። የፈተናው ሰው 0.50 ግን በየትኛውም ወሰን ቢለካ ከታች ነው።

እንግዲህ ድብልቅ የሚባል ችግር የለም ወይ? አለ፤ በአገራችንም እናየዋለን። የሳንባ ነቀርሳ ታሞ የዳነ ሰው ከሳንባው አንዱ ክፍል በጠባሳ ሊሰበሰብ፣ ቧንቧዎቹም ሊበላሹና ሊጠቡ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ሰው ንጥጥሩ 0.55 ሆኖ በሳጥኑ ሲለካ ጠቅላላ መጠኑ 4.0 ሊትር ቢወጣ፣ ያን ጊዜ ‹‹ሁለቱም›› ብሎ መጻፍ ትክክል ነው። የሚያስፈልገው ሁለት ማስረጃ ነው፤ የወረደ ንጥጥርና በልኬት የተረጋገጠ ያነሰ ጠቅላላ መጠን። ዝቅ ያለ ሙሉ ትንፋሽ የሁለተኛው ማስረጃ ምትክ አይሆንም።

አሁን ወደ ቢሮዬ ወደ መጣችው ተማሪ ልመለስ። የ58 ዓመቱ ሰው ሙሉ ትንፋሽ ያነሰው ለምን እንደ ሆነ በተሰጡት ቁጥሮች ‹‹መወሰን›› አይቻልም፤ ድምሩ ውስጥ ካሉት ሦስት ቁጥሮች የተሰጠው አንዱ ብቻ ነበር። በዚህ ልጅቷ ትክክል ነበረች። ንጥጥሩ 0.50 በሆነና ለሠላሳ ዓመት ባጨሰ ሰው ላይ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚገመተው ቀሪ አየር መብዛቱ ነው። በዚህ ደግሞ ‹‹ለ›› የራሱ መሠረት ነበረው፤ የጎደለው ‹‹ከሁሉ ይልቅ የሚገመተው›› የምትል ሐረግ ነበረች፤ እርሷን ያልጻፍሁት እኔ ነኝ። ‹‹ሐ››ን የመረጡት ተማሪዎች ግን የገመቱትን እንደ ተለካ ነገር ቆጠሩት፤ እኔም በዚያ ታካሚ ወረቀት ላይ ያደረግሁት ያንኑ ነው።

ጥያቄውን ከዚያ ወዲህ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦ ‹‹ሙሉ ትንፋሹ ያነሰበት ከሁሉ ይልቅ የሚገመተው ምክንያት ምንድን ነው? ግምትህን የሚያጸናው ወይም የሚያፈርሰው የትኛው ልኬት ነው? ያ ልኬት ምን ያህል ሲሆን ሐሳብህን ትለውጣለህ?›› ምርጫ የለውም፤ ለማረምም ከበፊቱ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። መልሱን ዛሬ ስለ ሰማችሁት ለሚመጣው ፈተና ቁጥሮቹን እለውጣለሁ።

ጥያቄ ያላችሁ እቀበላለሁ።